የጥልፍልፍ ልክ፦ ከበርሊን ሦስት ሰዎች እስከ አራት አተሞች

በ1905 ኤርሃርድ ሽሚት የተባለ የ29 ዓመት ወጣት በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አጠናቀቀ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሽሚት የተወለደባት ከተማ ዛሬ በኢስቶኒያ ታርቱ ትባላለች፤ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረችና ዶርፓት ይሏት ነበር። አማካሪው ዳቪድ ሂልበርት ነበር።

በዚያ ሰሞን የጎቲንገን ሰዎች የሚነጋገሩት ስለ ኢንተግራል እኩልታ ነው። ስዊድናዊው ኢቫር ፍሬድሆልም ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ የአፈታት መንገድ አሳይቶ ነበር፤ ሂልበርትና ተማሪዎቹም ያንን መንገድ እያሰፉት ነበር። የእነዚህ እኩልታዎች እምብርት ሁለት ተለዋዋጮች ያሉት ፋንክሽን ነው፤ K(s,t) እንበለው። s እና t ቦታ ሲለዋወጡ ፋንክሽኑ የማይቀየር ከሆነ አያያዙ ይታወቅ ነበር። ሽሚት ግን ሌላውን ጠየቀ፦ ሁለቱ ተለዋዋጮች ምንም የማይመሳሰሉ፣ ቦታ ሊለዋወጡ የማይችሉ ቢሆኑስ?

መልሱ በ1907 «ማቴማቲሼ አናለን» በተባለው መጽሔት ወጣ። በጥማድ በሬ ላስረዳው። ግራና ቀኝ ሁለት በረቶች አሉ እንበል። መጀመሪያ ሲታይ የግራው በረት እያንዳንዱ በሬ ከቀኙ በረት በሬዎች ሁሉ ጋር በብዙ ገመድ ተተብትቧል። ሽሚት ያረጋገጠው፣ በሁለቱም በኩል አቅጣጫዎቹ በሚገባ ከተመረጡ ያ ሁሉ ትብትብ ተፈቶ አንዱ የግራ በሬ ከአንድ የቀኝ በሬ ጋር ብቻ እንደሚጠመድ ነው። ለእያንዳንዱ ጥማድ አንድ ቁጥር ይደርሰዋል፤ ቁጥሩ የጥማዱን ክብደት ይናገራል። በግራ የተመረጡት አቅጣጫዎች እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ናቸው፤ በቀኝ ያሉትም እንዲሁ።

ውስን ለሆነ የቁጥር ሠንጠረዥ ይህን ጣሊያናዊው ቤልትራሚ በ1873፣ ፈረንሳዊው ዦርዳን ደግሞ በ1874 አግኝተውት ነበር። የሽሚት ድርሻ ማለቂያ ወደሌለው መጠን ማሻገሩ ብቻ አልነበረም። ሌላም ነገር አረጋገጠ፦ ከጥማዶቹ ጥቂቶቹን ብቻ ማስቀረት ከፈለግህ ክብደታቸው ትልልቅ የሆኑትን ያዝ፤ በዚያው የጥማድ ብዛት ከዚህ የተሻለ ግምት የለም። ይህ ሁለተኛው ውጤት 85 ዓመት ቆይቶ ሥራ እንደሚያገኝ ያኔ የገመተ ሰው አልነበረም። ኳንተም ሜካኒክስ ራሱ ገና አልተወለደም ነበር።

ሽሚት በ1917 የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ሁለት ሰዎች ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ መጡ። አንዱ ማክስ ፕላንክን ተክቶ የመጣው ኤርቪን ሽሮዲንገር ነው። ሌላው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ የቡዳፔስት ልጅ፣ ዮሃን ፎን ኖይማን። በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ዘመን ሦስቱም ተሰባሰቡ። እኔ ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር የምመለሰው ወደዚህች አጋጣሚ ነው፤ በርዕሱ የጥልፍልፍ ልክ ያልኩት ቁጥር ሦስት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱም ክፍል ከእነዚህ ሰዎች በአንዱ እጅ ነበር ወይም ሊገባ ነበር።

ፎን ኖይማን በዚያው በ1927 ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ኢንትሮፒ ነው። ጥያቄው ከሙቀት ሳይንስ የመጣ ነበር። አንድ ሣጥን ሙሉ የኳንተም ቅንጣቶች ቢኖሩና እያንዳንዷ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለች ባናውቅ፣ ያለማወቃችን መጠን ስንት ነው? እርሱ ያንን ስብስብ ዴንሲቲ ማትሪክስ በሚባል ሠንጠረዥ ወከለው፤ ρ ተብሎ ይጻፋል። ከሠንጠረዡ አይገን ቫሉ የተባሉትን ቁጥሮች አውጥቶ p₁, p₂ ... ብንላቸው፣ ኢንትሮፒው ይህ ነው፦

S = −Σ pₖ log pₖ

ቁጥሮቹ ተደምረው 1 ይሆናሉ፤ እንደ ዕድል ይነበባሉ ማለት ነው። ሁሉም ቅንጣት በአንድ በታወቀ ሁኔታ ላይ ካለ አንዱ p 1፣ የቀሩት 0 ይሆኑና ኢንትሮፒው ዜሮ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ንጹሕ ሁኔታ ይሉታል። ስለ እርሱ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ ታውቋል፤ የቀረ የለም።

በ1932 ባሳተመው የኳንተም ሜካኒክስ መጽሐፉ መጨረሻ ምዕራፍ ላይ ፎን ኖይማን ልኬትን ሲተነትን ሁለት አካላትን አንድ ላይ ወሰደ፦ የሚለካውን ነገርና መለኪያ መሣሪያውን። የሁለቱን የጋራ ንጹሕ ሁኔታም ልክ እንደ ሽሚት በጥማድ ጻፈው። ስለዚህ አፈታቱም ኢንትሮፒውም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አሉ። የጎደለው፣ በሁለቱ አካላት መካከል ያለውን ትስስር ራሱን የቻለ ክስተት ብሎ የሚጠራው ሰው ነበር።

ያ ሰው ሽሮዲንገር ሆነ፤ ግን በርሊን ሳለ አይደለም። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ጀርመንን ትቶ ኦክስፎርድ ገባ። በግንቦት 1935 አይንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን ዝነኛ ጽሑፋቸውን አወጡ፦ ሁለት ቅንጣቶች ከተገናኙ በኋላ ተራርቀው ሳለ በአንደኛዋ ላይ የምንመርጠው ልኬት ስለ ሌላዋ የምንናገረውን እንደሚወስን አሳይተው፣ ስለዚህ ኳንተም ሜካኒክስ ሙሉ አይደለም አሉ። ሽሮዲንገር በዚያው ዓመት መልስ ጻፈ። በእንግሊዝኛ ለካምብሪጅ የፍልስፍና ማኅበር መጽሔት በላከው ጽሑፍ ለክስተቱ ስም አወጣለት፤ ኢንታንግልመንት አለው፣ በጀርመንኛው ፈርሽረንኩንግ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ጥልፍልፍ እለዋለሁ።

በእርሱ አነጋገር ይህ ከኳንተም ጠባዮች አንዱ ሳይሆን ኳንተምን ከቀድሞው አስተሳሰብ የሚለየው ዋናው ጠባይ ነው። ስለ ሙሉው ጥንድ ፍጹም ዕውቀት አለን፤ ስለ ግማሹ ግን የለንም። በተራው ዓለም እንዲህ ያለ ነገር አይገጥምም፤ ስለ ቤቱ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ስለ እያንዳንዱ ክፍልም ያውቃል። በጥልፍልፍ ውስጥ ግን ዕውቀቱ ያለው በክፍሎቹ ሳይሆን በመካከላቸው ነው።

ሽሮዲንገር በዚያ ጽሑፍ የተጠቀመበት ሒሳብም ያው የጥማድ አጻጻፍ ነው። ልብ ያለው አንድ ነገርም አለ። የጥማዶቹ ክብደቶች ሁሉ የተለያዩ ከሆኑ አቅጣጫዎቹ የሚመረጡት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ክብደቶቹ እኩል ሲሆኑ ግን ምርጫው ይከፈታል፤ በብዙ ዓይነት አቅጣጫ ጥማዶቹን መጻፍ ይቻላል። እነ አይንስታይን የመረጡት ምሳሌ እንዲህ ያለው ልዩ ሁኔታ ነበር፤ ለዚያ ነው ያው ጥንድ በቦታም በግስጋሴም የተጠመደ ሆኖ የታየው።

እዚህ ላይ ትረካውን ቆም አድርጌ አንድ ስሌት በወረቀት ላሳይ፤ ያለዚያ የቀረው ታሪክ ወሬ ብቻ ይሆናል።

ሁለት ቅንጣቶች አሉ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 የሚል መልስ ብቻ ይሰጣሉ። የጋራ ሁኔታቸው ይህ ነው፦

|ψ⟩ = (|00⟩ + |01⟩ + |10⟩) / √3

ሁለቱም 0 ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዳቸው 1 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም 1 ሆነው ግን አይገኙም። የመጀመሪያው ሥራ ይህን በሠንጠረዥ ማስፈር ነው። ረድፉ የሀ፣ ዓምዱ የለ ነው፦

C = (1/√3) [[1, 1], [1, 0]]

ቀጥሎ ለ እንደሌለች ቆጥረን የሀን ዴንሲቲ ማትሪክስ እናወጣለን። ይህ ሠንጠረዡን በራሱ ግልባጭ ማባዛት ነው፦

ρ = C Cᵀ = (1/3) [[2, 1], [1, 1]]

በሰያፉ ላይ ያሉት 2/3 እና 1/3 ሲደመሩ 1 ናቸው፤ ዲተርሚናንቱ ደግሞ 2/9 ሲቀነስ 1/9፣ ማለትም 1/9 ነው። አይገን ቫሉዎቹ ስለዚህ ድምራቸው 1፣ ብዜታቸው 1/9 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦

p² − p + 1/9 = 0

p = (1 ± √5/3) / 2

አንዱ 0.8727፣ ሌላው 0.1273 ይወጣል። የጥማዶቹ ክብደቶች የእነዚህ ስኩዌር ሩት ናቸው፤ 0.934 እና 0.357። ሦስት ቃል የነበረው ሁኔታ በሁለት ጥማድ ተጻፈ ማለት ነው፦

|ψ⟩ = 0.934 |a₁⟩|b₁⟩ + 0.357 |a₂⟩|b₂⟩

የመጀመሪያው አቅጣጫ በሁለቱም በኩል 0.851|0⟩ + 0.526|1⟩ ነው። ሁለተኛው በሀ በኩል 0.526|0⟩ − 0.851|1⟩፣ በለ በኩል ደግሞ ምልክቱ ተገልብጦ ያው ነው። ተባዝቶ ሲደመር |11⟩ ፊት የሚቆመው ቁጥር በትክክል ዜሮ ይሆናል፤ መጀመሪያ እንደነበረው። እኔ ሁልጊዜ ይህን ወደኋላ የመመለስ ፍተሻ አደርጋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ኢንትሮፒው በሁለት መሠረት ሎጋሪዝም ሲሰላ 0.8727 ባለው ጥማድ በኩል 0.171፣ 0.1273 ባለው በኩል 0.379 ይመጣል። ድምሩ 0.55 ቢት ነው። ከለ በኩል ብንጀምርም ያው 0.55 ይወጣል፤ ጥማዶቹ የጋራ ስለሆኑ ክብደታቸውም የጋራ ነው። ዜሮ ማለት ምንም ጥልፍልፍ የለም፣ 1 ማለት ለሁለት እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች የሚቻለው ከፍተኛው ነው። የእኛ ጥንድ ከግማሽ ትንሽ በላይ ላይ ናት።

ተማሪዎች ደጋግመው ሲሳሳቱ የማየው ቦታ አንድ ነው። ሀ 0 የምትሆንበት ዕድል 2/3፣ 1 የምትሆንበት 1/3 ነው ብለው፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቀመሩ ውስጥ ከትተው 0.918 ያገኛሉ። 0.918 የሰያፉ ኢንትሮፒ ነው፤ ከሰያፉ ውጭ ያሉትን ሁለት 1/3ዎች ረስቷል። ስሕተቱን ለመያዝ የቁጥሮቹን ካሬ መደመር ይበቃል። የρ ክፍሎች ሁሉ ካሬ ድምር 7/9 ነው፤ የትክክለኞቹ p ካሬ ድምርም 7/9 ነው። የሰያፉ ግን 5/9 ይሰጣል። ሌላው ስሕተት 0.934ን እና 0.357ን ካሬ ሳያደርጉ መጠቀም ነው፤ እነርሱ ሲደመሩ 1.29 ስለሚሆኑ ዕድል እንዳልሆኑ ራሳቸው ይናገራሉ።

ከሰያፉ ውጭ ያለው ለምን እንደዚህ እንደሚከብድ ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አራቱንም ውጤት በእኩል ዕድል የሚሰጡ ሁለት ሁኔታዎችን እንውሰድ፦

(|00⟩ + |01⟩ + |10⟩ + |11⟩) / 2

(|00⟩ + |01⟩ + |10⟩ − |11⟩) / 2

ልዩነታቸው የመጨረሻዋ የመቀነስ ምልክት ብቻ ናት። 0 እና 1ን እየቆጠረ የሚቀመጥ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም፤ ሁሉም ሩብ ሩብ ነው። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ግን ሁለቱ ረድፎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው፤ አንድ ጥማድ ብቻ አለው፣ ኢንትሮፒውም ዜሮ። በሁለተኛው ረድፎቹ ቀጤ ነክ ይሆናሉ፤ ሁለት እኩል ጥማዶች፣ ኢንትሮፒውም ሙሉ 1 ቢት። አንዲት ምልክት ከምንም ወደ ሙሉ አሸጋገረችው። አራት ቃል ያለው ሁኔታ ከሁለት ቃሉ ይበልጥ የተጠላለፈ ይመስላል የሚለው ግምትም እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ ቃላቱን ሳይሆን ጥማዶቹን ነው መቁጠር።

ወደ 1935 እንመለስ። ከዚህ ሁሉ ስሌት ያኔ የማይቻል አንድም የለም። አፈታቱ የ28 ዓመት ዕድሜ ነበረው፣ ኢንትሮፒው የ8፣ የጥልፍልፍ ስም ደግሞ ገና መውጣቱ ነበር። ሆኖም የግማሹ ኢንትሮፒ የጥልፍልፉ ልክ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው ለመምጣት ስድሳ ዓመት ፈጀ። ምክንያቱ የሒሳብ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ በእኔ ፍርድ ግን የአስተሳሰብ ነው። ኢንትሮፒ የድንቁርና መለኪያ ተደርጎ ይታይ ነበር፣ ጥልፍልፍ ደግሞ የክርክር ርዕስ። ክርክርን በቢት የሚመዝን የለም። ጥልፍልፍ የሚመዘነው ሰው ሊጠቀምበት ሲፈልግ ነው፤ ያ ፍላጎት ገና አልመጣም ነበር።

በመካከሉ ሒሳቡ በየቦታው ብቅ እያለ ይጠፋ ነበር። ሂዩ ኤቨረት በ1957 የፕሪንስተን የዶክትሬት ሥራው ተመልካቹንና የሚታየውን ነገር በዚሁ ጥማድ አስተሳሰረ። ጆን ቤል በ1964 የአይንስታይንን ጥያቄ በልኬት የሚፈተን አደረገው። የቁጥር ስሌት ሰዎች ደግሞ ከፊዚክሱ ጋር ሳይተዋወቁ ሥራቸውን ሠሩ፤ ጂን ጎለብና ዊሊያም ካሃን በ1965 ይህን አፈታት ኮምፒዩተር ሳይሳሳት እንዲያወጣው የሚያስችል ዘዴ አሳተሙ። ዛሬ ከላይ ያደረግነው ሥራ ሁሉ በጥቂት መስመር የሚያልቀው ከዚያ በተወረሰ ዘዴ ነው፦

```python
import numpy as np
C = np.array([[1, 1], [1, 0]]) / np.sqrt(3)
s = np.linalg.svd(C, compute_uv=False)
p = s**2
p = p[p > 1e-12]
print(-(p * np.log2(p)).sum())
```

ከመጨረሻው በፊት ያለው መስመር ዜሮ የሆኑ ክብደቶችን ያስወግዳል፤ ያለ እርሱ ኮምፒዩተሩ የዜሮን ሎጋሪዝም ሲጠየቅ ቁጥር ያልሆነ መልስ ይሰጣል። ሎጋሪዝሙ በ2 መሠረት መሆኑም አይዘንጋ፤ በተፈጥሮ ሎጋሪዝም ያሰላ ሰው 0.381 ያገኛል። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ አሃዱ ግን ቢት አይደለም።

የሽሚት ሁለተኛ ውጤት፣ ትልልቆቹን ጥማዶች ያዝ የሚለው፣ ሥራ ያገኘው በ1992 ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ቅርንጫፍ የሚሠራው ስቲቨን ዋይት ረዥም የማግኔት ቅንጣቶች ሰንሰለትን ዝቅተኛ ጉልበት ማስላት ፈልጎ ነበር። ችግሩ የታወቀ ነው፤ ሰንሰለቱ በአንድ ቅንጣት በረዘመ ቁጥር የሚያዙት ቁጥሮች ይባዛሉ፣ ወዲያው ከየትኛውም ኮምፒዩተር አቅም በላይ ይሆናሉ። ከእርሱ በፊት የነበረው ልማድ ሰንሰለቱን ቆርጦ ከቁራጩ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸውን ሁኔታዎች ብቻ ማስቀረት ነበር። ይህ በተደጋጋሚ ወደቀ። ቁራጩ ብቻውን ሲሆን የሚወዳቸው ሁኔታዎች ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጠም የሚያስፈልጉት አይደሉም።

ዋይት ቁራጩን ብቻውን ማየት ተወ። ቁራጩንና የቀረውን አንድ ላይ ወስዶ፣ የጋራ ሁኔታቸውን አስልቶ፣ የቁራጩን ዴንሲቲ ማትሪክስ አወጣና ትልልቅ p ያላቸውን አቅጣጫዎች ብቻ አስቀረ። የሚጣሉት p ድምር የስሕተቱ መጠን ነው። በእኛ ምሳሌ ሁለተኛውን ጥማድ ብንጥል የምናጣው 0.1273 ነው፤ ብዙ ነው። በዋይት ሰንሰለቶች ግን p በጣም ፈጥኖ ስለሚያንስ ጥቂት መቶ ጥማድ አስቀርቶ የሚጣለው ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። ስፒኑ 1 ለሆነው የሃይዘንበርግ ሰንሰለት በእያንዳንዱ ቅንጣት የሚደርሰውን ጉልበት −1.401484 ብሎ አወጣ፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ባለ ጥራት የታወቀ አልነበረም። ዘዴው የሚሠራው የተቆረጠው ቦታ ኢንትሮፒ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ነው። ኢንትሮፒው ሲያድግ መያዝ ያለባቸው ጥማዶች እንደ 2 ርቢ ያድጋሉ፤ ያኔ ኮምፒዩተሩ ይደክማል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ቻርልስ ቤኔት፣ ኸርበርት በርንስታይን፣ ሳንዱ ፖፔስኩና ቤንጃሚን ሹማከር የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈቱ። ጥያቄያቸው የነጋዴ ጥያቄ ነው። ሁለት ሰዎች በሩቅ ቦታ ተቀምጠው እንደ እኛ 0.55 ያሉ ደካማ ጥንዶች በብዛት ቢኖሯቸው፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ወገን ብቻ ሠርተው ስንት ሙሉ ጥልፍልፍ ያላቸው ጥንዶች ሊያወጡ ይችላሉ?

ዘዴውን በሁለት ጥንድ ብቻ እንየው። ሁለቱም ሰዎች በየበኩላቸው አንድ ነገር ብቻ ይለካሉ፦ ከሁለቱ ቅንጣቶቼ ስንቶቹ በሁለተኛው የሽሚት አቅጣጫ ላይ ናቸው? የትኛዋ እንደሆነች ግን አይጠይቁም። አቅጣጫዎቹ የተጠመዱ ስለሆኑ ሳይነጋገሩም አንድ ዓይነት መልስ ያገኛሉ። መልሱ «አንድ» ከሆነ፣ አንደኛዋ ወይም ሁለተኛዋ የሚለው ሳይታወቅ ቀርቷል፤ የሁለቱም አማራጭ ዕድል ደግሞ 0.8727 በ0.1273 ስለሆነ እኩል ነው። ሁለት እኩል ጥማዶች፣ ማለትም ሙሉ 1 ቢት። ይህ የሚሆንበት ዕድል 2 ጊዜ 1/9፣ ማለትም 2/9 ነው። መልሱ «ዜሮ» ወይም «ሁለት» ከሆነ ግን ጥልፍልፉ ጠፍቷል።

ስለዚህ በሁለት ጥንድ ሲሠራ ከአንድ ጥንድ በአማካይ የሚገኘው 1/9 ብቻ ነው። ጥንዶቹ በርከት ሲሉ ግን ብክነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በጣም ብዙ ጥንድ ላይ ሲደርስ ከአንድ ጥንድ የሚገኘው ወደ 0.55 ይጠጋል፤ ከአንድ ሺሕ ጥንድ አምስት መቶ ሃምሳ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማግኘት እንደማይቻልም ተረጋገጠ። ወደኋላም ይሄዳል፤ ሙሉ ጥልፍልፍ ካላቸው ጥንዶች ደካማዎቹን ለመሥራት የሚያስፈልገው በዚያው ልክ ነው። የሽሚት ጥማዶች፣ የፎን ኖይማን ቀመርና የሽሮዲንገር ጥልፍልፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተገናኙት እዚህ ነው። ሦስቱም ሰዎች በሕይወት አልነበሩም። ፎን ኖይማን በ1957፣ ሽሚት በ1959 በርሊን፣ ሽሮዲንገር በ1961 አርፈዋል።

በእነዚያው ዓመታት ወሰኑም ታወቀ። አሸር ፔሬስ በ1995 እንዳሳየው አካላቱ ሦስት ሲሆኑ የጥማድ አጻጻፍ በጠቅላላው አይሠራም። (|000⟩ + |111⟩) / √2 ለሚለው ይሠራል፤ (|001⟩ + |010⟩ + |100⟩) / √3 ግን በምንም ምርጫ ወደ ሦስትዮሽ ጥማድ አይመጣም። ሁለተኛው ወሰን ይበልጥ አሳሳች ነው። ሙሉው ጥንድ ንጹሕ ካልሆነ የግማሹ ኢንትሮፒ ጥልፍልፍን አይመዝንም። ሳንቲም ጥለን ሁለት ተመሳሳይ ወረቀት ላይ ውጤቱን ጽፈን በሁለት ፖስታ ብንልክ የእያንዳንዱ ፖስታ ኢንትሮፒ 1 ቢት ነው፤ ጥልፍልፍ ግን ቅንጣት የለም። የግማሹን ከማመን በፊት የሙሉው ኢንትሮፒ ዜሮ መሆኑን ማየት ግድ ነው።

ይህን ጥንቃቄ በላብራቶሪ የፈጸሙት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ማርኩስ ግራይነር ቡድን ናቸው። በ2015 «ኔቸር» ላይ ባወጡት ሥራ አራት የሩቢዲየም አተሞችን በብርሃን በተሠራ መደብ ላይ አሰለፉ፤ ከጎኑም ሁለተኛ ተመሳሳይ አራት። ሁለቱን ቅጂዎች እንደ ሞገድ አጋጭተው በየቦታው የተገኙት አተሞች ቁጥር ተጋማሽ ወይም ጎዶሎ መሆኑን ቆጠሩ። ከዚህ ቆጠራ የሚወጣው የp ካሬ ድምር ነው፤ በእኛ ምሳሌ 7/9 የሆነው ቁጥር። ሎጋሪዝሙ ምልክቱ ተገልብጦ ሁለተኛው የሬኒ ኢንትሮፒ ይባላል፤ ለእኛ ጥንድ 0.363 ይሆናል፣ ከ0.55 ያነሰ። ከፎን ኖይማን ኢንትሮፒ በላይ አይሄድምና ከሥር የሚይዝ ልክ ነው፤ ጥቅሙ ዴንሲቲ ማትሪክሱን በሙሉ ሳያወጡ በቆጠራ ብቻ መገኘቱ ነው። ቡድኑ የግማሹን ብቻ ሳይሆን የሙሉውንም ለካ። አተሞቹ በየቦታቸው ተቆልፈው ሳሉ ሙሉውም ግማሹም በእኩል ንጹሕ ነበሩ። ከቦታ ቦታ እንዲዘዋወሩ ሲፈቀድላቸው ሙሉው ንጹሕነቱን ሲይዝ የግማሹ ወረደ፤ ግማሹ ከሙሉው ይበልጥ የማይታወቅ ሆኖ ተገኘ።